ጫማው ነው ፌክ ወይስ ፎቶው ነው የዋሸው? (ሌጂት ቼክ፣ ረዘም ይላል)

ቀይ_ሶል
ሰላም ቤቶች፣ እርዳታ ፈልጌ ነው ታገሱኝ። ያገለገለ ቀይና ነጭ ሀይ ቶፕ ስኒከር ከግለሰብ ኦንላይን ገዝቼ ትናንት ደረሰኝ። ማታ ቤት ውስጥ በስልኬ አነሳሁትና ቴሌግራም ላይ ሌጂት ቼክ የሚሰሩ ልጆች ግሩፕ ውስጥ ለጠፍኩት፣ ወዲያው "ፌክ ነው መልሺው" ተባልኩ። ምክንያታቸው፦ አፍንጫው ከልክ በላይ ያበጠ ነው፣ ቀዩ ወደ ብርቱካናማ ይሄዳል፣ ቆዳው ላይ ምንም ግሬን የለም ፕላስቲክ ይመስላል፣ ምላሱ ላይ ያለው መለያ ደግሞ የቀዩ ፊደል ቀለም ወደ ነጩ ፈሷል። ግራ የገባኝ ጫማውን እጄ ላይ ይዤ ሳየው ካሉት ግማሹን አላየውም፣ ሻጩ በላከልኝ ፎቶ ላይም አንዱም የለም። ግን እኔ ባለሙያ አይደለሁም ዓይኔን ልመነው አልመነው አላውቅም። መመለሻ ጊዜው 3 ቀን ነው የቀረኝ። ፎቶዎቹን እዚሁ ከታች አስቀምጫቸዋለሁ።

ዙም_ብቻ
አፍንጫው የሌንስ ጉዳይ ነው፣ የስልክ ካሜራ ዋይድ ስለሆነ ሁሉንም ነገር ያሳብጣል። እዚያው ቆመሽ 2x ዙም አድርገሽ ድጋሚ አንሺው ይስተካከላል በቃ።

ጎመራ
እኔ ብዙ ጊዜ ዕቃ ኦንላይን እሸጣለሁ፣ የምመክርሽ ሪንግ ላይት ከፊት ለፊት አድርጊ፣ ብራይትነሱን ከፍ አድርጊው፣ ነጩ ነጭ እስኪሆን ድረስ። ቆዳው ላይ ያለ ትናንሽ ነገር ሁሉ ይጠፋል ልስልስ ይላል፣ ሰው ቶሎ ነው የሚገዛሽ 👌

ቀይ_ሶል
@ጎመራ አመሰግናለሁ ግን ልሸጥ አይደለም 😅 እውነተኛ መሆኑን ላረጋግጥ ነው

ሰያፍ_ብርሃን
የጎመራን ምክር ግን ያዙት፣ ሳያስበው ጉድለት እንዴት እንደሚደበቅ ነው የነገረን፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ አፍንጫው። @ዙም_ብቻ ዋይድ ያልከው ግማሹ ልክ ነው፣ መፍትሄው ግን አይሰራም። ነገር የሚያሳብጠው ርቀት ነው። ቀይ ሶል ስልክሽን ከአፍንጫው ወደ 20 ሳንቲሜትር ያህል አስጠግተሽ ይመስለኛል ያነሳሽው፣ ጫማው ደግሞ ወደ 30 ሳንቲሜትር ይረዝማል እንበል። ስለዚህ አፍንጫው ከካሜራው 20 ላይ ነው፣ ተረከዙ 50 ላይ። አፍንጫው ከተረከዙ ጋር እኩል ስፋት ቢኖረው እንኳን ፎቶው ላይ 2.5 እጥፍ ሆኖ ይወጣል። አሁን አንድ ሜትር ተኩል ራቂ፣ አፍንጫው 150 ላይ ተረከዙ 180 ላይ ይሆናል፣ ልዩነቱ ወደ 1.2 እጥፍ ይወርዳል። እዚያው 20 ላይ ቆመሽ ዙም ብታደርጊ ያንኑ ያበጠ ቅርጽ ቆርጠሽ ማተለቅ ብቻ ነው። መጀመሪያ ራቂ፣ ከዚያ ጫማው ፍሬሙን እንዲሞላ 2x ወይ 3x ተጠቀሚ።

ሌላ ነገር፣ ብዙ አዳዲስ ስልኮች በጣም ስትጠጊ ሳይነግሩሽ ወደ አልትራ ዋይዱ ካሜራ ይዘላሉ፣ በቅርብ የሚያተኩረው እሱ ስለሆነ። ስክሪኑ ላይ ትንሽ የአበባ ምልክት የምታሳይ ስልክ ካለሽ እሷ ናት። አልትራ ዋይድ ላይ ደግሞ ቀጥ ያለው የሶል መስመር ወደ ፍሬሙ ዳር ሲሄድ ይጎብጣል፣ ሶፍትዌሩ ጉብጠቱን ሲያቀና ደግሞ ማዕዘኑ ላይ ያለውን ይለጥጠዋል። መለየት ቀላል ነው፣ ጫማውን 180 ዲግሪ አዙሪና ድጋሚ አንሺ። ጉብጠቱ ከጫማው ጋር አብሮ ከዞረ የጫማው ነው፣ ፍሬሙ ዳር ላይ ከቀረ የሌንሱ ነው።

ቼክ_አድራጊ
ይቅርታ ግን እኔ ከእነዚህ ቼክ ከሚሰሩት አንዱ ነኝ (የዚያ ግሩፕ አይደለሁም) እና እንዲህ ዓይነት ክር ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ፌክ የያዘ ሰው ሁሉ "መብራቱ ነው፣ ካሜራው ነው" ይላል። በቀን ስንት ጫማ እንደምናይ አታውቁም፣ ዓይናችን ለምዷል። ቀዩ ብርቱካን ከሆነ ብርቱካን ነው።

ሰያፍ_ብርሃን
@ቼክ_አድራጊ ልምድህን አልንቅም፣ አፍንጫና ስፌት ላይ ከእኔ በላይ ታያለህ ብዬ አምናለሁ። ቀለም ላይ ግን አልስማማም፣ ለምን እንደሆነ ከራሷ ፎቶ ላሳይህ።

የጎን ፎቶውን አውርጄ ቀዩ ቆዳ ላይ በከለር ፒከር ስነካው ወደ 255, 71, 38 ይሰጣል። ትንሽ ቦታ ቀይሬ ነካሁ፣ ቀዩ አሁንም 255። ፓነሉን ከዳር እስከ ዳር ሄድኩበት፣ ቀዩ ከ255 ንቅንቅ አይልም። 255 ማለት ጣሪያው ነው፣ ካሜራው ከዚያ በላይ መቁጠር አይችልም። ክፍሉ ጨለም ስላለ ስልኩ ብርሃኑን ከፍ አደረገ፣ ቀዩ ጣሪያ ነክቶ ቆመ፣ አረንጓዴው ግን ገና ቦታ ስላለው መውጣቱን ቀጠለ። ቀይ ባለበት ቆሞ አረንጓዴ ሲጨመርበት ምን ይሆናል? ብርቱካናማ። በዛ ላይ የቤቱ አምፖል ቢጫ ብርሃን ነው የሚሰጠው፣ ወደ 2700 ኬልቪን አካባቢ ያሉት ዓይነት ይመስላል፣ ስልኩ ደግሞ ቢጫውን ሙሉ በሙሉ አያነሳውም።

አሁን ግሬኑን አስቡት። ግሬን የምንለው በዚያ ቆዳ ላይ ያለ የጎድጓዳና የጉብታ የብርሃን ልዩነት ነው። ቀይ ቆዳ ላይ ያ ልዩነት ከሞላ ጎደል የሚመዘገበው በቀዩ ቻናል ነው፣ እሱ ደግሞ ሁሉም ቦታ 255 ሆኗል። ጎድጓዳውም 255 ጉብታውም 255። ፕላስቲክ ቢመስል ምን ይገርማል። ስለዚህ "ብርቱካን ነው" እና "ግሬን የለውም" ተብለው እንደ ሁለት ማስረጃ የተቆጠሩት አንድ ነገር ናቸው፣ ፎቶው ከልክ በላይ በርቷል። ከዚህ ፎቶ ጫማው ኦሪጅናል ነው አልልም፣ ፌክ ነውም አልልም፣ መረጃው ፎቶው ውስጥ የለም ነው የምለው።

ቀይ ሶል፣ ነገ ቀን ላይ መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታበት ጥላ ውስጥ አንሺው፣ አምፖሉን አጥፊ። ቀዩን ነክተሽ ፎከስ ካደረግሽ በኋላ ጣትሽን ወደ ታች ጎትተሽ ብርሃኑን ቀንሺ፣ ፎቶው ትንሽ ጨለም ቢልብሽም ግድ የለም።

የቦርሳ_ነገር
እኔም ቀይ ነገር ነው ያቃጠለኝ! ጥቁር ቀይ የቆዳ ቦርሳ ነበረኝ፣ ስልኬ ላይ ፎቶው ልክ እንደ ቦርሳው ነው፣ አንድ የሽያጭ ሳይት ላይ ስጭነው ግን ደብዝዞ ወጣ፣ ገዢዋ "ቀለሙ የወየበ ነው ወይ የተቀባ ነው" ብላ ጥላኝ ሄደች። ስልኬ ላይ እያሳየኋት እንኳን አላመነችኝም። ይሄ ምንድን ነው? ኮምፕረሽን ነው?

ሰያፍ_ብርሃን
@የቦርሳ_ነገር ኮምፕረሽን ብቻውን ያን ያህል አያደበዝዝም። አንዳንድ ስልኮች ፎቶ የሚያስቀምጡት P3 በሚባል ሰፋ ያለ የቀለም ክልል ነው፣ ፋይሉ ውስጥ "በዚህ ክልል አንብቡኝ" የሚል ፕሮፋይል አለ። ሳይቱ ፎቶውን ሲያሳንስ ቀለሙን ሳይቀይር ፕሮፋይሉን ብቻ ከጣለው ያው ቁጥር በጠባቡ sRGB ይነበባል፣ ቀለሙም ይደበዝዛል፣ በተለይ ደማቅ ቀይና አረንጓዴ። ያንቺ ያ ሊሆን ይችላል፣ ዋናውን ፋይልና ሳይቱ ላይ ያለውን ጎን ለጎን ሳላይ ግን አልምልም።

የቦርሳ_ነገር
ዋናው የለኝም ስልኩን ቀይሬዋለሁ 😩 በቃ ከዚህ በኋላ ቀይ አልሸጥም

ዙም_ብቻ
የመለያው ፊደልስ? እሱ እንኳን መብራት አይደለም፣ ቀለሙ ፈሶ እያየሁት ነው። ኦሪጅናል መለያ እንደዚህ አይታተምም።

ሰያፍ_ብርሃን
እሱ ነው ኮምፕረሽን። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ስትልኪው ብዙውን ጊዜ ረጅሙ ጎን ወደ 1280 ፒክስል ይወርዳል። የስልኩ ዋና ፎቶ 4032 ነበር እንበልና ጫማው 30 ሳንቲሜትሩን ይዞ ፍሬሙን ሞልቷል። ዋናው ላይ ለአንድ ሚሊሜትር ከ13 ፒክስል በላይ አለሽ፣ ቴሌግራም ካሳነሰው በኋላ 4 ፒክስል። የመለያው ፊደል የመስመሩ ውፍረት ግማሽ ሚሊሜትር ቢሆን 2 ፒክስል ብቻ ቀረው ማለት ነው። ይሄ እንኳን ባልከፋ።

ጄፔግ ብርሃኑንና ቀለሙን ለይቶ ነው የሚያስቀምጠው፣ ዓይናችን ቀለም ላይ ሰነፍ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ቀለሙን በወርድም በቁመትም በግማሽ ያሳንሰዋል። እና ያ 2 ፒክስል የነበረው ፊደል በቀለም በኩል 1 ፒክስል ነው የሚደርሰው፣ ያቺ አንድ ፒክስል ደግሞ ከጎኗ ካለው ነጭ ጋር ትደባለቃለች። ቀይ በነጭ ላይ፣ ቀይ በጥቁር ላይ፣ ሁሌም እንደዚህ ጠርዙ ላይ ይፈሳል። ስልኩ ጠርዝ ለማሾል የሚጨምረው ነጭ መስመር ሲታከልበት ደግሞ ልክ ሁለቴ የታተመ ፊደል ይመስላል።

መለያው ራሱ የፈሰሰ ከሆነ እንዴት ይታወቃል? በዚያው ፎቶ ውስጥ ሌላ ቀይና ነጭ የሚገናኝበት ቦታ ፈልጉ። የእሷ ፎቶ ላይ ቀዩ ቆዳ ከነጩ ሶል ጋር በሚገናኝበት መስመርም ያው ቀይ ጭጋግ አለ። እዚያ ደግሞ ማንም ምንም አላተመም።

መለያውን ብቻ ፍሬሙን ሞልተሽ አንሺውና እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኪው። ኮምፒውተር ላይ የምታዩ ካላችሁ ደግሞ የደረሳችሁ ፎቶ ዋናው መሆን አለመሆኑን በዚህ እዩ፦

```
exiftool -ImageSize -FocalLengthIn35mmFormat -ISO label.jpg
```

የፎካል ሌንግዙና የISO መስመር ከሌለ ፎቶው መንገድ ላይ ተነካክቷል ማለት ሊሆን ይችላል፣ ሜሴንጀሮችና ስክሪንሾት ያጠፉታልና። የጠፋ ነገር ማስረጃ አይደለም ግን፣ ሻጩ ዋናውን ይልክ እንደሆን መጠየቂያ ነው።

ቼክ_አድራጊ
እሺ ይሄን እንቀበል። ግን በዚህ አካሄድ ማንም ፌክ የሚባል ነገር የለም ማለት ነው? ሁሉንም ነገር ፊዚክስ ካደረግከው።

ሰያፍ_ብርሃን
በጭራሽ። ነገሩ በሁለቱም በኩል ነው የሚቆርጠው። የሌለውን ጉድለት የሚፈጥረው ያው ነገር ያለውንም ይሸፍናል፣ ጎመራ ያለው ይኸው ነው። የሻጩን ፎቶ አያችሁት? ፍላሹ ከፊት ለፊት ነው የመጣው። ብርሃን ከካሜራው ጋር ከአንድ አቅጣጫ ሲመጣ ጎድጓዳው ጥላ አይኖረውም፣ ስንጥቅም፣ መጨማደድም፣ የተነሳ ቀለምም ጠፍጣፋ ይሆናል። የእሷን ፎቶ ፌክ ካስባለው ይልቅ የሻጩ "ንጹህ" ፎቶ ነው እኔን የሚያጠራጥረኝ።

ስለዚህ ቀይ ሶል አንድ ፎቶ ጨምሪልኝ። ክፍሉን አጨልሚ፣ የሌላ ስልክ ባትሪ ወስደሽ ከጫማው ጎን፣ ከቆዳው ጋር ሊነካካ ትንሽ ሲቀረው፣ በአግድም አብሪበት፣ ካሜራው ከላይ ይሁን። ከዚያ መብራቱን በተቃራኒው ጎን አድርገሽ ድገሚ። አንድ ነገር በሁለቱም ላይ እዚያው ቦታ ከታየ የቆዳው ነው፣ ጥላው ብቻ ነው አቅጣጫ የሚቀይረው።

ጎመራ
እኔን እንደ አጭበርባሪ አታድርጉኝ እንጂ 😂 ሁሉም ሻጭ ያደርገዋል

ቀይ_ሶል
መጣሁ። ቀን ላይ መስኮት ጋ፣ ራቅ ብዬ በ2x፣ ፋይል አድርጌ ጫንኩት።

አፍንጫው፦ ከሻጩ ፎቶ ጋር አንድ ነው፣ ያበጠ ነገር የለም። ቀለሙ፦ ብርቱካኑ ጠፍቶ ጥልቅ ያለ ቀይ ሆኗል። መለያው፦ ጠርዙ ንጹህ ነው፣ ምንም አልፈሰሰም።

ግን የባትሪው ፎቶ ሌላ ነገር አወጣብኝ። የቀኝ ጫማው አፍንጫ ዙሪያ ያለው ቀይ ፓነል ከግራው ጋር አይመሳሰልም። ግራው ላይ ግሬኑ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ቀኙ ላይ ጎድጓዶቹ የተሞሉ ይመስላሉ። እግር የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለ፣ ቀለሙ ነው የተሰነጠቀው እንጂ ቆዳው አይደለም። መብራቱን አዙሬም እዚያው ነው ያለው። ቀጥሎ ያለው ነጭ ክር ላይ ሁለት ሦስት ቀይ ነጠብጣብ አለ፣ እጄ ላይ ሆኖ አላየሁትም ነበር።

ቼክ_አድራጊ
ይኸው! አልነገርኳችሁም?

ሰያፍ_ብርሃን
@ቼክ_አድራጊ ምኑን? ያልካቸው ነገሮች ሁሉ እኮ ጠፍተዋል። ይሄ ማንም ያላነሳው አዲስ ነገር ነው፣ የሚያሳየውም አንዱ ጫማ በእጅ እንደተቀባ ነው። ክሩ ላይ ያለው ነጠብጣብ ዋናው ምልክት ነው፣ ፓነሉ ቀለሙን ይዞ ከተሰፋ ክሩ ንጹህ ሆኖ ነው የሚቀረው፣ ከተሰፋ በኋላ በብሩሽ የመጣ ቀለም ግን ክሩንና የስፌቱን ቀዳዳ ይነካል። ተጎድቶ የተቀባ ኦሪጅናል ሊሆን ይችላል፣ የተቀባ ፌክም ሊሆን ይችላል።

አንድ የምታረጋግጪበት መንገድ አለ። የቀኝና የግራውን ቀይ ፓነል አንድ ፎቶ ውስጥ ጎን ለጎን አድርገሽ በቀን ብርሃን አንሺ፣ ከዚያ ሳታነቃንቂያቸው በቤት አምፖል ድገሚ። የቀለሙ ቅመም የተለያየ ከሆነ በአንዱ ብርሃን አንድ ዓይነት፣ በሌላው የተለያዩ ሊመስሉ ይችላሉ። ሁለቱም በአንድ ፍሬም ስላሉ ካሜራው የሚያደርገው ነገር እኩል ይነካቸዋል፣ ለዛ ነው የግድ አብረው የሚነሱት። በሁለቱም ብርሃን አንድ ከሆኑ ግን አልተቀባም ማለት አይደለም፣ ጥሩ አድርጎ አዛምዶታል ሊሆን ይችላል።

ቀይ_ሶል
አደረግኩት። በቀን ብርሃን ልዩነት አላየሁም። በአምፖሉ ግን ቀኙ ጠቆር ብሎ ወደ ቡናማ ይሄዳል፣ ከለር ፒከሩም ይለያቸዋል። ሻጩን ጠየቅኩት፣ "ፎቶው ላይ እንዳለው ነው የላክሁልሽ" ብሎ መለሰልኝ።

ዙም_ብቻ
አልዋሸም እኮ 😄 ፎቶው ላይ እንዳለው ነው

ቼክ_አድራጊ
ቀለሙን ተዉት፣ እኔ አሁንም የመለያው ፊደላት መሃል ያለው ክፍተት አልተመቸኝም። መሃል ላይ ሰፊ ነው ዳርና ዳር ጠባብ ነው። ይሄ ኮምፕረሽን አይደለም፣ ቦታ አይቀይርም ኮምፕረሽን።

ሰያፍ_ብርሃን
ይሄኛው ጥያቄህ ጥሩ ነው፣ ኮምፕረሽን ክፍተት አያጠብም፣ ልክ ነህ። ግን ምላሱ ጎባጣ ነው፣ መለያው ከጉብታው ጋር ስለሚጠመዘዝ ዳር ያሉት ፊደላት ከካሜራው ዞር ይላሉ፣ ጠባብ ሆነው ይታያሉ። በጣት ተጭኖ ጠፍጣፋ ተደርጎ፣ ካሜራው በቀጥታ ከላይ ሆኖ ካልተነሳ ክፍተት መለካት አይቻልም። ማነጻጸሪያ የምታደርጉት ፎቶም እንደዚያው የተነሳ መሆን አለበት፣ ከኢንተርኔት የተገኘ የማንም ፎቶ አይሆንም።

ቼክ_አድራጊ
ጠፍጣፋ አድርጋ ትላክልኝ፣ እኔ ጋ የማምነው ጥንድ አለ፣ መለያውን እንዳልከው አንስቼ አመጣለሁ። የእሷ ከተለየ ግን አቋሜን አልቀይርም።

ቀይ_ሶል
ፌክ ይሁን አይሁን እመልሰዋለሁ፣ መቀባቱን ስላልነገረኝ ይበቃኛል። ጥያቄ አስገብቻለሁ፣ በአግድም ብርሃን የተነሱትን የሁለቱንም ጫማ ፎቶና የክሩን ቅርብ ፎቶ አያይዣለሁ። መለያውን ጠፍጣፋ አድርጌ አሁን አነሳዋለሁ፣ የቀኙን ነው የግራውን?

ቼክ_አድራጊ
ሁለቱንም። ፋይል አድርገሽ።